ብዙ ሰው አይቶት ጥቂት ሰው የሚገዛው ዕቃ

እህቴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆና ኤትሲ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ትንሽ ሱቅ ከፍታለች። ሐበሻ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ጋቢ፣ ጀበና፣ ሲኒ እና ትንንሽ ሞሰብ ትሸጣለች። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ደወለችልኝ። «ነጠላው ከሁሉም በላይ እየታየ ነው። ግን ሰው አይቶት ይሄዳል፣ አይገዛም። ዋጋውን ልቀንሰው?» አለችኝ።

«ቆይ፣ ዋጋውን አትንኪው። መጀመሪያ ምን ፈልገው እንደሚመጡ እንይ» አልኳት። ያን ማታ ሁለታችንም ኮምፒውተራችንን ከፍተን ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ቁጥር ስናይ አመሸን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ማታ ሥራ ነው። ኢንተርኔት ላይ ዕቃ ለጥፎ የሚሸጥ ሁሉ በራሱ ሱቅ ላይ ሊሠራው ይችላል። ቁጥሮቹን ለማንበብ እንዲቀልሉ አጠጋግቻቸዋለሁ።

አንድ ዕቃ ብዙ ታይቶ ጥቂት የሚሸጠው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ የመጣው ሰው ሌላ ዕቃ ፈልጎ የመጣ ነው። ሁለተኛው፣ የመጣው ሰው ትክክለኛው ሰው ነው፤ ነገር ግን ገጹ ላይ የሆነ ነገር አይቶ ተመለሰ። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ናቸው። በሁለቱም ዕይታው ብዙ፣ ሽያጩ ትንሽ ነው። መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። ቀሚስ ፈልጎ ለመጣ ሰው የነጠላ ዋጋ ቢቀንሱለት ነጠላ አይገዛም። በመላኪያ ዋጋ ደንግጦ ለተመለሰ ሰው ደግሞ ርዕስ ቢቀይሩለት ምንም አይፈይድም።

ስለዚህ ሁለት ሪፖርት ያስፈልጋል። የሽያጩ ሪፖርት የትኛው ዕቃ እንደታመመ ይነግረናል። የፍለጋ ቃላቱ ሪፖርት ደግሞ ሕመሙ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ይነግረናል። አንዱን ብቻ ማንበብ ግማሽ ሥራ ነው።

የትኛው ዕቃ ነው?

ኤትሲ ላይ `Shop Manager` ውስጥ `Stats` የሚል ገጽ አለ። እዚያ ላይ ጊዜውን መምረጥ ይቻላል። እኛ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለውን 90 ቀን መረጥን። 30 ቀን ለትንሽ ሱቅ ያጥራል። በ30 ቀን ውስጥ ሁለትና ሦስት ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ቁጥሩ የሚዋዥቀው በዕድል ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ገጹ አናት ላይ `Conversion rate` የሚል ቁጥር ይታያል። ይህ የሱቁ ጠቅላላ ቁጥር ነው፤ ትዕዛዞች ለ`Visits` ተካፍለው የሚገኝ። ወደ ታች ወርደን እያንዳንዱን ዕቃ ስናይ ግን የሚሰጠን `Views` ነው። `Visits` አንድ ሰው ወደ ሱቁ ገብቶ እስኪወጣ ያለው አንድ ጉብኝት ነው። `Views` ግን አንድ ገጽ የተከፈተበት ብዛት ነው። አንድ ሰው በአንድ ጉብኝት ሦስት ዕቃ ቢከፍት ጉብኝቱ አንድ፣ ዕይታው ሦስት ነው። እናም የአንድን ዕቃ ሽያጭ ለዕይታው አካፍለን ያገኘነውን ቁጥር ከላይ ካለው የሱቁ ቁጥር ጋር ብናወዳድር፣ ሁሉም ዕቃ የታመመ ይመስለናል። እህቴ ወራቱን ሙሉ ስትጨነቅ የነበረው አንዱ በዚህ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው። የሁሉንም ዕቃ ዕይታ መደመር፣ የሁሉንም ትዕዛዝ መደመር፣ ከዚያ ማካፈል። ያኔ መለኪያውም ዕቃውም የሚቆጠሩት በዕይታ ይሆናል።

የእህቴ ሱቅ በ90 ቀን ውስጥ 4,000 ዕይታ እና 40 ትዕዛዝ ነበረው። ከመቶ ዕይታ አንድ ትዕዛዝ ማለት ነው። ቀሚሱ 1,200 ጊዜ ታይቶ 18 ተሽጧል። ሲኒው 480 ታይቶ 11፣ ጋቢው 160 ታይቶ 4። እነዚህ ሦስቱ ደህና ናቸው። ነጠላው 1,450 ጊዜ ታይቶ የተሸጠው 5 ብቻ ነው። ጀበናው 620 ታይቶ 2። ሞሰቡ 90 ታይቶ አንድም አልተሸጠም።

እዚህ ላይ ብዙዎች በመቶኛው ብቻ ደርድረው ዝቅተኛውን ያነሣሉ። እንዲያ ቢደረግ ከሁሉም የከፋው ሞሰቡ ይሆናል፤ ዜሮ ነውና። እኔ የምመርጠው ሌላ ዓምድ መጨመር ነው። ይህ ዕቃ እንደ ሱቁ አማካይ ቢሸጥ ኖሮ ስንት መሸጥ ነበረበት? ኤክሴል ወይም ጉግል ሺት ላይ ዕይታው `B` ዓምድ፣ ትዕዛዙ `C` ዓምድ ላይ ካለ፣ ቀመሩ ይኸው ነው፦

```
=B2*SUM(C$2:C$7)/SUM(B$2:B$7)
```

ነጠላው 14 ወይም 15 መሸጥ ነበረበት፤ የሸጠው 5 ነው። ልዩነቱ ወደ አሥር ነው። ጀበናው ወደ 6 መሸጥ ነበረበት፤ የሸጠው 2 ነው። ሞሰቡ ግን አንድ እንኳን አልሞላም፤ የሚጠበቅበት 0.9 ነው። አንድ የማይሞላ ነገር ተጠብቆበት ዜሮ ቢያመጣ ምን ይፈረድበታል? እንደ ሱቁ አማካይ በደንብ የሚሸጥ ዕቃ እንኳ 90 ጊዜ ታይቶ ባዶውን የመቅረት ዕድሉ ከመቶ 40 ነው። ስለዚህ ሞሰቡን ታሟል ለማለት ገና ነው።

አንድ ዕቃ ምንም ሳይሸጥ ስንት ጊዜ ሲታይ እንጠርጥረው? ቀላል መለኪያ አለ። የሚጠበቅበት ሽያጭ 3 ሲደርስ ነው። ሦስት ተጠብቆበት አንድም ካልሸጠ፣ ያ በዕድል ብቻ የሚሆነው ከመቶ አምስት ጊዜ ያህል ነው። በእህቴ ሱቅ ከመቶ አንድ ስለሚሸጥ፣ ሦስት የሚጠበቀው 300 ዕይታ ላይ ነው። ከመቶ ሁለት የሚሸጥ ሱቅ ከሆነ 150 ይበቃል። ከዚያ በታች ፎቶ መቀየር፣ ዋጋ መቀነስ፣ ርዕስ መነካካት በጨለማ እንደ መዳበስ ነው።

ጀበናው መካከል ላይ ነው። ስድስት ተጠብቆ ሁለት መምጣቱ ያጠራጥራል እንጂ አያስፈርድም። ነጠላው ግን ግልጽ ነው። ስለዚህ ከነጠላው ጀመርን።

ከየት መጡ?

ወደ ፍለጋ ቃላቱ ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር ማጣራት ነበረብን። `Stats` ላይ አንዱን ዕቃ ስንከፍት ሰዎቹ በየት በኩል እንደመጡ ይታያል። ከኤትሲ ፍለጋ የመጡ አሉ፤ ከፌስቡክና ከመሳሰሉት የመጡ አሉ፤ ቀጥታ ሊንክ ነክተው የመጡም አሉ።

እህቴ ነጠላውን ስትለጥፍ ሊንኩን የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አስቀምጣዋለች። የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር ግሩፕ ላይም እንዲሁ። ዘመድ አዝማድ ሁሉ ከፍቶ አየ። «እሰይ፣ እደጊ ተመንደጊ» ብሎ መረቃት፣ ወጣ። ፍቅር ነው፤ ግን ገዢ አይደለም። ከ1,450ው ዕይታ 250ው እንዲህ የመጣ ነበር። እነዚህን አወጣናቸው። የቀረው 1,200 ነው፤ አሁንም 12 ያህል መሸጥ ነበረበት። ስለዚህ ዘመዶቻችን የችግሩን ትንሽ ክፍል እንጂ ሁሉን አልፈጠሩትም።

ይህን ማጣራት መዝለል አይገባም። ሱቅ ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዕይታ በአብዛኛው የወዳጅ ዘመድ ነው። በዚያ ላይ ተመሥርቶ ዕቃው አይሸጥም ብሎ መወሰን ዕቃውን መበደል ነው።

ምን ፈልገው መጡ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የነጠላውን ገጽ `Stats` ላይ ከፍተን የፍለጋ ቃላቱን ዝርዝር አየን። ሰዎች ሳጥኑ ውስጥ ምን ብለው ጽፈው ይህ ገጽ ላይ እንደ ደረሱ የሚናገር ዝርዝር ነው። ከላይ ወደ ታች እንዲህ ይላል። `habesha kemis` 430። `habesha dress` 240። `ethiopian scarf` 130። `netela` 110። `netsela` 30። የቀረው 260 ደግሞ አንድና ሁለት ጊዜ ብቻ የመጡ የተበታተኑ ቃላት ናቸው።

እህቴ ዝርዝሩን አይታ ዝም አለች። ከዚያ «ቀሚስ ፈልገው ነው እንዴ ነጠላ ላይ የሚገቡት?» አለች።

አዎ። ከ1,200ው 670ው ቀሚስ ፈላጊ ነው። ምክንያቱ ርዕሱ ላይ ተጽፏል፦ `Habesha Kemis Netela Ethiopian Traditional Cotton Scarf`። ስትለጥፈው «ቀሚስ የሚፈልገው ብዙ ነው፣ እግረ መንገዱን ነጠላዬንም ያይልኛል» ብላ ነው ከፊት ያስገባችው። አየላትም። ነገር ግን ሐበሻ ቀሚስ በአብዛኛው ከነነጠላው ነው የሚሸጠው። ቀሚስ የምትገዛ ሴት ነጠላውን አብራ ታገኛለች። ፎቶው ላይም ነጠላው ቀሚስ የለበሰች ልጅ ትከሻ ላይ ነው ያለው። ፈላጊዋ ቀሚሱን አይታ ትነካዋለች፣ ትገባለች፣ የሚሸጠው ነጠላው ብቻ መሆኑን ታነባለች፣ ትወጣለች።

አሁን አንድ ትንሽ ስሌት። ቀሚስ ፈላጊዎቹን 670 ብናወጣቸው የሚቀረው 530 ዕይታ ነው። አምስት ሽያጭ ለ530 ማለት ከመቶ አንድ ገደማ ነው። ልክ የሱቁ አማካይ! ነጠላው ራሱ ምንም ሕመም የለበትም ማለት ነው። ዋጋውም ደህና ነው፤ ዕቃውም ደህና ነው። ዋጋውን ብትቀንስ ኖሮ ለእነዚያ በሙሉ ዋጋ ደስ ብሏቸው ለገዙት ሰዎች ነበር የምትቀንሰው።

አምስቱን የገዙት ነጠላ ፈላጊዎቹ እንደሆኑ እንዴት አወቅን? ከዚህ ዝርዝር ብቻ ማወቅ አይቻልም። ዝርዝሩ ማን እንደገባ እንጂ ማን እንደገዛ በዕቃ በዕቃው አይነግርም። `Search analytics` የሚባል ሌላ ገጽ አለ፤ እዚያ ለእያንዳንዱ ቃል ስንት ሰው እንደገባና ስንት ገቢ እንደመጣ ይታያል። ግን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። እሱ የሚቆጥረው በሱቁ ደረጃ ነው። እዚያ `habesha kemis` የሚለው ቃል የሱቁ ምርጥ ቃል ሆኖ ይታያል፤ ቀሚሱ በእሱ ስለሚሸጥ። ያንን ብቻ ያየ ሰው «ይህ ቃል ወርቅ ነው፣ ሁሉም ዕቃ ላይ ልጨምረው» ይላል። አንድ ቃል ለአንዱ ዕቃ መልካም፣ ለጎረቤቱ ዕቃ መርዝ ሊሆን ይችላል። ቃሉን ከዕቃው ነጥሎ ማንበብ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው።

ተጨማሪ ፍንጭ ያገኘነው ከማስታወቂያው ነው። እህቴ ለኤትሲ ማስታወቂያ በቀን ትንሽ ብር ትከፍል ነበር። የማስታወቂያው ሪፖርት የአንዱን ዕቃ ቃላት ለየብቻ ያሳያል፤ ስንት ጊዜ እንደተነካ፣ ስንት እንደተከፈለበት፣ ስንት ትዕዛዝ እንዳመጣ። ነጠላው ላይ `habesha kemis` 90 ጊዜ ተነክቷል፤ ወደ 27 ዶላር በልቷል፤ ትዕዛዝ ዜሮ። `netela` ደግሞ 30 ጊዜ ተነክቶ አንድ አምጥቷል። አንድ ትዕዛዝ ብዙ አያናግርም። ዘጠና ተነክቶ ዜሮ መምጣቱም ብቻውን አያስፈርድም፤ ከፍለጋ ቃላቱ ዝርዝር ጋር ሲደረብ ግን አንድ ታሪክ ይናገራል።

ማስታወቂያው ገጽ ላይም `Views` የሚል ቃል አለ። ያኛው ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ `Views` ማለት ማስታወቂያው ለሰው የታየበት ብዛት ነው፤ ሰው ዕቃውን ሳይከፍት አልፎት ቢሄድም ይቆጠራል። `Stats` ላይ ያለው `Views` ግን ገጹ የተከፈተበት ነው። ሁለቱን ደምሮ ማካፈል ቁጥሩን ያበላሸዋል። ደግሞም ማስታወቂያው ትዕዛዝ የሚቆጥረው ሰውዬው ከነካ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ከሱቁ ማንኛውንም ዕቃ ቢገዛ ነው። የነጠላን ማስታወቂያ ነክቶ ሲኒ የገዛም ይቆጠራል። እናም ማስታወቂያው ላይ «ትዕዛዝ አመጣ» ሲል ያ ዕቃ ተሸጠ ማለት ላይሆን ይችላል።

ከዚያ ያደረግነው ብዙ አይደለም። ርዕሱን `Netela Ethiopian Cotton Shawl, Handwoven White Scarf with Tibeb Border` አልነው። ታጎቹን፣ ማለትም ፈላጊ እንዲያገኘው ዕቃው ላይ የሚለጠፉትን ቃላት፣ አየናቸው። ኤትሲ ለአንድ ዕቃ 13 ታግ ይፈቅዳል፤ እያንዳንዱ እስከ 20 ፊደል። ርዕሱ ብቻ ተቀይሮ ታጉ ላይ ቃሉ እንዳለ ከቀረ ቀሚስ ፈላጊው መምጣቱን አይተውም። `habesha kemis set` የሚለውን አወጣን፤ በቦታው `church head covering` አስገባን። ልክ 20 ፊደል ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ ያሉ ኦርቶዶክስ ሴቶችም ለቤተ ክርስቲያን መከናነቢያ ይፈልጋሉ።

`netsela`ንም ጨመርን። ትግርኛ ተናጋሪው ነጸላ ስለሚል እንዲያ ብሎ ነው የሚጽፈው። የእኛ ዕቃ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ ወጥ አጻጻፍ የለውም። `jebena` የሚል አለ፤ `jabena` የሚል አለ። `mesob` የሚል አለ፤ `messob` የሚል አለ። የፍለጋ ቃላቱን ዝርዝር ማንበብ አንዱ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ገዢው ዕቃችንን ማን ብሎ እንደሚጠራው ከራሱ እጅ እናነባለን።

የመጀመሪያውን ፎቶም ለወጥነው። ነጠላው ብቻውን ተዘርግቶ፣ ጥበቡ በደንብ እየታየ። ማስታወቂያው ላይ ደግሞ ቀሚስ የሚሉትን ቃላት ለዚህ ዕቃ ብቻ አጠፋናቸው።

በሚቀጥሉት ሳምንታት ዕይታው ወረደ። እህቴ ደነገጠች። «ገደልነው» ብላ መልእክት ላከችልኝ። ነገር ግን መውረዱ የተፈለገ ነው። የሄዱት ቀድሞም የማይገዙት ናቸው። ቀጥሎ ባለው 90 ቀን ነጠላው 700 ጊዜ ታየ፤ 9 ተሸጠ።

ይህን ውጤት ቶሎ ማመን አልፈለግሁም። ሁለተኛው 90 ቀን ነሐሴን ይጨምራል። ለእንቁጣጣሽ የሚገዛ ሰው ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ይህን የምናጣራው ባልነካነው ዕቃ ነው። ቀሚሱን ምንም አልነካነውም፤ በዓሉ ግን እሱንም ይነካዋል። ቀሚሱ በፊትም አሁንም ከመቶ 1.5 ነው የሚሸጠው። በዓሉ ገዢውን አነቃቅቶት ቢሆን ቀሚሱም ከፍ ባለ ነበር። ስለዚህ የነጠላው ለውጥ የመጣው ከርዕሱና ከፎቶው ነው ብዬ አምናለሁ።

ትክክለኛው ሰው መጥቶ ሲመለስ

የጀበናው ነገር ሌላ ነው። የፍለጋ ቃላቱን ስናይ ከላይ ያሉት `jebena`፣ `ethiopian coffee pot` እና `jabena` ናቸው። ከዚህ የተሻለ ፈላጊ አይገኝም። ጀበና ብሎ የጻፈ ሰው የሚፈልገውን ያውቃል። መጥቶ ካልገዛ ችግሩ ያለው ገጹ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ሪፖርቱ አብሮን የሚሄደው እስከ በሩ ድረስ ነው። ሰውዬው ለምን እንደወጣ የሚናገር ዓምድ የለም። ግን ፍንጭ አለ። ጀበናውን 58 ሰው በልብ ምልክት አስቀምጦታል፤ `Favorites` የሚለው ማለት ነው። ዕቃውን ወደውታል፤ ግን አልወሰኑም። ፈላጊው ልክ ሆኖ ልቡም ወዶ ካልገዛ፣ እኔ መጀመሪያ የማየው ዋጋን፣ መላኪያን እና ያልተመለሰ ጥያቄን ነው። ማንም ልብ ሳያደርግበት የሚያልፈው ዕቃ ቢሆን ኖሮ ፎቶውን ነበር ቀድሜ የምጠረጥረው።

ጥያቄዎቹ ደግሞ የመልእክት ሳጥኗ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሦስት ሰው «ሲኒዎቹ አብረው ይመጣሉ?» ብሎ ጠይቋል። ሁለት ሰው በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ይሆን እንደሆን ጠይቋል። አንዷ ስንት ስኒ እንደሚወጣው ጠይቃለች። ገጹን በእነሱ ዓይን ከፍተን አየነው። የመጀመሪያው ፎቶ ሙሉ የቡና ሥነ ሥርዓት ነው፤ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ረከቦቱ ላይ ስድስት ሲኒ ተደርድሮ፣ ጀበናው ከጎን ተቀምጦ። በጣም ያምራል። ያየው ሰው ግን ሁሉም በ36 ዶላር የሚሸጥ ይመስለዋል። ጀበናው ብቻ እንደሆነ የሚናገረው መግለጫው መጨረሻ ላይ ያለ አንድ መስመር ነው። መጠኑ «መካከለኛ» ይላል እንጂ ስንት እንደሚይዝ አይናገርም። ጀበና ዓይቶ የማያውቅ ሰው መካከለኛ የሚለው ምን ይነግረዋል? ማቶቱ አብሮ እንደሚላክም የትም አልተጻፈም፤ እህቴ ግን ሁልጊዜ በነጻ ትጨምረዋለች። መላኪያው ደግሞ 19 ዶላር ነው። ሸክላ ይከብዳል፤ እንዳይሰበር ብዙ መጠቅለያ ይፈልጋል።

አንድ በአንድ እየቀየሩ መለካት ነው ትክክሉ ይባላል። ለትልቅ ሱቅ እውነት ነው። በወር 200 ጊዜ ለሚታይ ጀበና ግን አይሆንም። ከመቶ አንድ ወደ ከመቶ ሁለት ቢያድግ እንኳ በወር ከሁለት ወደ አራት ነው፤ ያን ከዕድል ለመለየት ወራት ይፈጃል። አምስት ነገር አንድ በአንድ ለመሞከር ሁለት ዓመት ሊሄድ ነው። ስለዚህ እኔ ለትንሽ ሱቅ የምመክረው ሌላ ነው። በግልጽ ስህተት የሆነውን ሁሉ አንድ ቀን ላይ ማስተካከል፣ ቀኑን መጻፍ፣ የሚያጠራጥረውን ብቻ ለብቻው ማቆየት።

ፎቶውን ጀበናው ብቻውን ሆኖ በእጅ ተይዞ አነሣነው፤ እጅ መጠኑን ያሳያል። መግለጫው መጀመሪያ መስመር ላይ ጀበና እና ማቶት እንደሚላክ፣ ሲኒ እንደሌለው ጻፍን። እህቴ ጀበናውን ውኃ ሞልታ በመለኪያ ጽዋ ለክታ ስንት አውንስ እንደሚይዝ አስገባች። ስለ ምድጃውም መልሷን ጻፈች። ሲኒና ጀበናውን አንድ ላይ አድርጋ አዲስ ገጽ ከፈተች፤ ያ የሚያምረው የሥነ ሥርዓት ፎቶ ወደዚያ ሄደ። የመላኪያውን ዋጋ ግን አልነካነውም። እሱ ስህተት አይደለም፤ ጥያቄ ነው።

በ90 ቀን ጀበናው 560 ጊዜ ታይቶ 5 ተሸጠ። ከሁለት ይሻላል። ግን ከአምስት ሽያጭ ምን ያህሉ ከፎቶው፣ ምን ያህሉ ከመግለጫው እንደመጣ ማንም ሊናገር አይችልም፤ እኔም አልሞክርም። ሲኒዎቹ አብረው ይመጣሉ ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ከዚያ ወዲህ የለም።

ሱቁ አማዞን ላይ ከሆነ ሥራው አንድ ነው፤ ስሙ ይቀየራል። እዚያ `Business Reports` ውስጥ ለእያንዳንዱ ዕቃ `Sessions` እና `Unit Session Percentage` ይገኛል። ስለዚህ በዕቃ ደረጃ ያለው ቁጥር ራሱ በጉብኝት የተሠላ ነው። የፍለጋ ቃላቱ ደግሞ ከማስታወቂያው ሪፖርት ይወርዳሉ።

አሁን የቀረን መላኪያው ነው። ከመስከረም ጀምሮ ለጀበናው 12 ዶላር ዋጋው ውስጥ ገብቶ መላኪያው 7 ዶላር ሆኗል። ድምሩ ያው 55 ነው። ይህን ለብቻው እስከ ገና እናየዋለን። ሞሰቡን እስካሁን አልነካነውም። 210 ጊዜ ታይቷል፣ አንድ ተሽጧል። 300 ሲሞላ የፍለጋ ቃላቱን እንከፍታለን።